መልእክቶችን በአይክላውድ ማመሳሰል

መልእክቶችን በአይክላውድ ማመሳሰል በአንድ የአፕል አካውንት የገቡ አይፎኖች፣ አይፓዶችና ማክ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት የመልእክት ስብስብ እንዲያሳዩ የሚያደርግ የአፕል ኩባንያ አገልግሎት ነው። በመሣሪያዎቹ ላይ Messages in iCloud በሚል ስም ይታወቃል። አገልግሎቱ በኢንተርኔት የሚላኩትን የአይሜሴጅ መልእክቶች ብቻ ሳይሆን በስልክ ኔትወርክ የሚመጡትን ኤስኤምኤሶችና ከመልእክቶቹ ጋር የተላኩ ፎቶዎችን፣ ቪዲዮዎችንና ሌሎች ፋይሎችንም ይጨምራል።

ይህ አገልግሎት ብዙ ጊዜ ከአይክላውድ ባክአፕ ጋር ይምታታል። ሁለቱም መረጃን በአይክላውድ ላይ ያስቀምጣሉ፤ የሚይዙት ቦታም ከአንድ የማከማቻ መጠን ላይ ይቆጠራል። አሠራራቸው ግን የተለያየ ነው። ባክአፕ መሣሪያው በአንድ የተወሰነ ሰዓት የነበረበትን ሁኔታ ይዞ ለብቻው የሚቀመጥ ቅጂ ነው። ማመሳሰል ደግሞ ሁሉም መሣሪያዎች የሚጋሩት፣ በየጊዜው የሚታደስ አንድ መዝገብ ነው። በዚህ ልዩነት ምክንያት ማመሳሰሉ በበራበት ሁኔታ በአንዱ መሣሪያ ላይ የተሰረዘ መልእክት ከሌሎቹም ይጠፋል፤ ባክአፕ መኖሩም አብዛኛውን ጊዜ አይመልሰውም።

## አመጣጥ

አይክላውድና አይሜሴጅ በጥቅምት 2011 (እ.ኤ.አ.) ከአይኦኤስ 5 ጋር አብረው ወጡ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አይሜሴጅ አንድን መልእክት ለተቀባዩ መሣሪያዎች በሙሉ ለየብቻ ያደርስ ነበር። አይፎንና አይፓድ ያለው ሰው አንድ መልእክት ሲላክለት ሁለቱም የየራሳቸውን ቅጂ ይቀበላሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን በቅጂዎቹ መካከል ግንኙነት አልነበረም። በአይፎኑ ላይ የተሰረዘው በአይፓዱ ላይ እንዳለ ይቆያል። አዲስ የተገዛ መሣሪያም ከተገዛበት ቀን ወዲህ የመጡትን እንጂ የቀድሞዎቹን መልእክቶች አያገኝም ነበር።

አፕል ይህን የሚለውጠውን አገልግሎት በሰኔ 2017 አስተዋወቀ። ለተጠቃሚዎች የደረሰው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በግንቦት 2018 መጨረሻ በአይኦኤስ 11.4 ሲሆን፣ ለማክ ኮምፒውተሮች ደግሞ ከጥቂት ቀናት በኋላ በማክኦኤስ 10.13.5 ወጣ። ከዚያ ወዲህ አገልግሎቱን ባበራ ሰው ዘንድ ዋናው የመልእክት ስብስብ በስልኩ ላይ ያለው ሳይሆን በአይክላውድ ላይ ያለው ሆነ። ስልኩ፣ አይፓዱና ኮምፒውተሩ የዚህን ስብስብ መልክ የሚያሳዩ መስኮቶች ናቸው ማለት ይቻላል።

## ባክአፕ እንዴት ይሠራል

የአይክላውድ ባክአፕ ሲበራ ስልኩ ቻርጀር ላይ ሲሰካ፣ ስክሪኑ ሲቆለፍና ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ ቅጂውን በራሱ ያዘጋጃል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ይሆናል። ቅጂው የስልኩን ቅንብሮች፣ የመተግበሪያዎችን መረጃና የመነሻ ስክሪኑን አደረጃጀት የመሳሰሉትን ይይዛል። አንዴ ከተሠራ በኋላ እስከሚቀጥለው ባክአፕ ድረስ አይለወጥም። ማክሰኞ ቀን በስልኩ ላይ የሚደረግ ነገር ሰኞ ሌሊት የተሠራውን ቅጂ አይነካውም።

ባክአፕ የሚከፈተው መሣሪያን ከመጀመሪያው ለማዘጋጀት ነው። ከውስጡ አንድ ፎቶ ወይም አንድ መልእክት ብቻ መርጦ ማውጣት አይቻልም። በስራ ላይ ያለን ስልክ ወደ ባክአፕ ለመመለስ ስልኩ በመጀመሪያ ሙሉ በሙሉ መጽዳት አለበት። ከዚያ በመነሻው የማዋቀሪያ ሂደት ውስጥ ከቀረቡት ባክአፖች አንዱ በቀኑ ተለይቶ ይመረጣል። ስለዚህ ከባክአፕ መመለስ ማለት ከባክአፑ ቀን በኋላ በስልኩ ላይ ብቻ የተቀመጠውን ነገር መተው ማለት ነው።

ተጠቃሚው ባክአፑን ቢያጠፋው ወይም መጠቀሙን ቢያቆም አፕል የመጨረሻውን ቅጂ ለ180 ቀናት ያቆየዋል።

## ሁለቱም ሲበሩ

ማመሳሰሉና ባክአፑ አንድ ላይ ሊበሩ ይችላሉ፤ በብዙ ስልኮች ላይም እንዲሁ ናቸው። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማመሳሰሉ ሲበራ መልእክቶቹ በአይክላውድ ላይ በራሳቸው ቦታ ስለሚቀመጡ የአይክላውድ ባክአፕ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ አይቀዳቸውም። ተመሳሳይ አሠራር በአይክላውድ በሚመሳሰሉ ፎቶዎች ላይም አለ። ከዚህ የተነሳ «ባክአፕ ትናንት ሌሊት ተሠርቷል» የሚለው ማስታወሻ እውነት ሆኖ ሳለ መልእክቶቹ በባክአፑ ውስጥ ላይኖሩ ይችላሉ።

በባክአፑ ውስጥ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። የተመሳሰሉት መልእክቶች በአይክላውድ ላይ የሚቀመጡት ከዳር እስከ ዳር ተመስጥረው ሲሆን፣ መፍቻ ቁልፉ በተጠቃሚው መሣሪያዎች ላይ ይገኛል። በተለመደው አቀማመጥ የአይክላውድ ባክአፕ ከበራ የዚህ ቁልፍ ቅጂ በባክአፑ ውስጥ ይቀመጣል፤ ዓላማውም መሣሪያዎቹ ሁሉ የጠፉበት ሰው መልእክቶቹን እንደገና እንዲከፍት ነው። በሌላ በኩል ባክአፑን አፕል ሊከፍተው ስለሚችል በውስጡ ያለው ቁልፍም ከዚያው ደረጃ ጥበቃ አያልፍም። ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ በመጀመሪያ በአሜሪካ የቀረበውና በኋላ በሌሎች አገሮች የተስፋፋው Advanced Data Protection የተባለው አማራጭ ሲበራ ባክአፑ ራሱም ከዳር እስከ ዳር ይመሰጠራል።

በአጭሩ፣ ሁለቱም በበሩበት ስልክ ላይ ባክአፑ የሚይዘው የመልእክቶቹን ቁልፍ እንጂ መልእክቶቹን አይደለም። ቁልፉ ደግሞ በመዝገቡ ውስጥ ያለውን ይከፍታል፤ ከመዝገቡ የተሰረዘውን አይፈጥርም።

## ስረዛ ለምን ወደ ሁሉም ይደርሳል

አንድ መልእክት ሲጨመር ወደ ሌሎች መሣሪያዎች መድረሱ ለማንም ግልጽ ነው። ስረዛውም መድረሱ ግን ብዙዎችን ያስገርማል። ምክንያቱን ለመረዳት መሣሪያዎቹ እርስ በርስ ሲነጻጸሩ የሚፈጠረውን ችግር ማየት ይጠቅማል።

አንድ መልእክት በአይፓድ ላይ አለ፣ በአይፎን ላይ ግን የለም እንበል። ይህ ልዩነት ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። መልእክቱ አዲስ ሆኖ ወደ አይፎኑ ገና አልደረሰ ይሆናል፤ ወይም በሁለቱም ላይ ነበረ፣ ተጠቃሚው ግን ከአይፎኑ ላይ ሰርዞታል። በመጀመሪያው ሁኔታ ትክክለኛው እርምጃ ወደ አይፎኑ መቅዳት ነው፤ በሁለተኛው ደግሞ ከአይፓዱም ማጥፋት ነው። ሁለቱን ዝርዝሮች ብቻ ጎን ለጎን አድርጎ የሚያይ ፕሮግራም ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ሁልጊዜ «የሌለውን ጨምር» የሚል ደንብ ቢከተል ደግሞ ተጠቃሚው የሰረዘው መልእክት ሁሉ ከሌላው መሣሪያ እየተቀዳ ተመልሶ ይመጣ ነበር።

መፍትሔው ስረዛውን ራሱን እንደ አንድ ክስተት መመዝገብ ነው። መልእክቱ ሲጠፋ በቦታው «ይህ መለያ ቁጥር ያለው መልእክት ተሰርዟል» የሚል ትንሽ ምልክት ይቀመጣል። በኮምፒውተር ሳይንስ ይህ ምልክት ቱምስቶን፣ ማለትም የመቃብር ድንጋይ ይባላል። የመልእክቱን ጽሑፍ አይዝም፤ መኖሩን ሳይሆን መሞቱን ብቻ ይናገራል። ምልክቱ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል፣ ሰርቨሩም ለሌሎቹ መሣሪያዎች ያስተላልፋል፤ እያንዳንዱም የራሱን ቅጂ ያጠፋል።

ይህ አሠራር በማክ ኮምፒውተር ላይ በዓይን ሊታይ ይችላል። የማክ የመልእክት መተግበሪያ መልእክቶቹን የሚያስቀምጠው chat.db በሚባል የኤስኪውላይት ዳታቤዝ ውስጥ ነው። በዚህ ዳታቤዝ ውስጥ ከመልእክቶቹ ሰንጠረዥ ተለይቶ ለማመሳሰል ሥራ የተሰረዙትን የሚመዘግብ ሌላ ሰንጠረዥ አለ። ተርሚናል የዲስክ ሙሉ ፈቃድ ተሰጥቶት የሚከተለው ትእዛዝ ሲጻፍ የሰንጠረዡን አወቃቀር ያሳያል፤ በዳታቤዙ ላይ ምንም አይለውጥም።

```
sqlite3 ~/Library/Messages/chat.db ".schema sync_deleted_messages"
```

በውጤቱ ውስጥ guid እና recordID የሚሉ ዓምዶች ይታያሉ። የመጀመሪያው የመልእክቱ መለያ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ያው መልእክት በአይክላውድ ላይ የሚታወቅበት መለያ ነው። ለመልእክቱ ጽሑፍ የተዘጋጀ ዓምድ የለም። ለማመሳሰሉ የሚያስፈልገው የትኛው መልእክት እንደተሰረዘ ማወቅ ብቻ ስለሆነ ነው።

የቀረው ጥያቄ ለብዙ ቀናት ተዘግቶ የቆየ መሣሪያ ስረዛውን እንዴት ይሰማል የሚለው ነው። መረጃው የሚያልፍበት ክላውድኪት የተባለው የአፕል ሥርዓት ለእያንዳንዱ መሣሪያ እስከምን ድረስ እንዳነበበ የሚያመለክት ምልክት ይሰጠዋል። ይህን መጽሐፍ ሲነበብ በገጾቹ መካከል ከሚደረግ ማመልከቻ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። መሣሪያው ሲከፈትና ኢንተርኔት ሲያገኝ ማመልከቻውን ያቀርባል፤ ሰርቨሩም ከዚያ ወዲህ የተጨመሩትን፣ የተለወጡትንና የተሰረዙትን ይሰጠዋል። ስለዚህ ተዘግቶ መቆየት ስረዛውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

## በምሳሌ

ሀና የተባለች ተጠቃሚ አይፎን አላት እንበል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ወንድሟ የሚጠቀምበት፣ በእሷ አካውንት የገባ አይፓድ አለ። በሁለቱም ላይ የመልእክት ማመሳሰል በርቷል። የአይፎኑ ባክአፕ እሑድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተሠርቷል። አይፓዱ ከቅዳሜ ጀምሮ ባትሪው አልቆ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ማክሰኞ ጠዋት የአይፎኑ ማከማቻ ሞላ። ሀና ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር የአራት ዓመት የመልእክት ልውውጥ 3 ጊጋባይት እንደያዘ አይታ ሰረዘችው። የተማመነችው በሁለት ነገሮች ነው፤ ልውውጡ በአይፓዱ ላይ አለ፣ በእሑዱ ባክአፕ ውስጥም አለ ብላ ነው።

ማክሰኞ ዕለት አይፎኑ ስረዛውን ወደ አይክላውድ ላከ። አይፓዱ ተዘግቶ ስለነበር አልሰማም፤ ልውውጡም በውስጡ እንዳለ ነበር። ሐሙስ ማታ ወንድሟ አይፓዱን ቻርጅ አድርጎ ከፈተው። ዋይፋይ እስኪያገኝ ድረስ ልውውጡ በዝርዝሩ ላይ ይታይ ነበር። ከዚያ አይፓዱ ከቅዳሜ ወዲህ የተለወጠውን ሲጠይቅ የማክሰኞው ስረዛ ደረሰውና ልውውጡ ከስክሪኑ ጠፋ። ወንድምየው ምንም አልነካም፤ አይፓዱ ግን የሀናን ትእዛዝ በሁለት ቀን ዘግይቶ ፈጸመ።

ሁለተኛው ተስፋ ባክአፑ ነበር። የእሑዱ ባክአፕ ከስረዛው በፊት የተሠራ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማመሳሰሉ በርቶ ስለነበር መልእክቶቹ አልገቡበትም። ሀና አይፎኗን አጽድታ ወደ እሑዱ ባክአፕ ብትመልሰው ስልኩ መልእክቶቹን ከአይክላውድ ያወርዳል። በአይክላውድ ላይ ያለው ደግሞ የማክሰኞው ስረዛ የተፈጸመበት መዝገብ ነው። ስልኳን በከንቱ አጽድታ ልውውጡን ሳታገኘው ትቀራለች ማለት ነው።

ማመሳሰሉ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ሌላ ነበር። ስረዛው በአይፎኑ ላይ ብቻ ይቆያል፤ አይፓዱ የራሱን ቅጂ ይዞ ይቀጥላል፤ የእሑዱ ባክአፕም መልእክቶቹን ይይዛል። በዚህኛው ሁኔታ አደጋው ያለው በሚቀጥለው ባክአፕ ላይ ነው። ማክሰኞ ሌሊት ስልኩ እንደገና ባክአፕ ቢሠራ አዲሱ ቅጂ ልውውጡን አይዝም፤ የቀድሞውም በአዲሱ ሊተካ ይችላል። ስለዚህ ከባክአፕ ለመመለስ ያሰበ ሰው አስቀድሞ አውቶማቲክ ባክአፑን ማቆም አለበት።

## የተሰረዘን መልሶ ማግኘት

በመስከረም 2022 የወጣው አይኦኤስ 16 በመልእክት መተግበሪያው ውስጥ Recently Deleted የተባለ ክፍል ጨመረ። የተሰረዘ መልእክት ወዲያው ሙሉ በሙሉ ከመጥፋት ይልቅ በዚህ ክፍል ለ30 ቀናት ይቆያል፤ ጨርሶ መወገዱ አንዳንዴ እስከ 40 ቀናት ሊወስድ ይችላል። ሀና ስህተቷን በ12ኛው ቀን ብታውቅ ልውውጡን ከዚህ ታገኘዋለች። በ45ኛው ቀን ከሆነ ግን ክፍሉ ባዶ ይሆናል።

በአይፎን ላይ ክፍሉ የሚገኘው በመልእክቶቹ ዋና ዝርዝር ላይ Edit ወይም Filters የሚለውን በመንካት ሲሆን፣ የተፈለገው ልውውጥ ተመርጦ Recover ይባላል። ክፍሉ የማይረዳባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ተጠቃሚው እዚያው ክፍል ውስጥ ገብቶ በድጋሚ የሰረዘው አይመለስም። ስልኩ ወደ አይኦኤስ 16 ከመሸጋገሩ በፊት የተሰረዘውም እንዲሁ አይገኝም።

ጊዜው ካለፈ የሚቀረው ዕድል ስረዛው ያልደረሰው መሣሪያ ነው። በምሳሌው ውስጥ አይፓዱ እስከ ሐሙስ ማታ ድረስ ልውውጡን ይዞ ነበር። የቤቱ ዋይፋይ ከመብራቱ በፊት ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ አይፓዱ ከሰርቨሩ ጋር ሳይገናኝ ሊከፈትና መልእክቶቹ በስክሪን ፎቶ ሊወሰዱ ይችሉ ነበር። ይህ ግን የሚሠራው መሣሪያው ከስረዛው ጊዜ ጀምሮ አንድም ጊዜ ኢንተርኔት ካላገኘ ብቻ ነው።

ልውውጡ በሌላ ቦታም አለ፤ ከተጻጻፈችው ጓደኛ ዘንድ። ማመሳሰል የሚሠራው በአንድ አካውንት ውስጥ በመሆኑ የሀና ስረዛ የጓደኛዋን ስልክ አይነካም። ከዚህ መለየት ያለበት ከአይኦኤስ 16 ጋር የመጣው የላኩትን መልሶ መሳብ ነው። Undo Send የተባለው ይህ አማራጭ የአይሜሴጅ መልእክትን ከተላከ በ2 ደቂቃ ውስጥ ከተቀባዩም ዘንድ ለማንሳት ያገለግላል። ተራው ስረዛ እንዲህ ያለ ኃይል የለውም፤ በቡድን ውይይት ውስጥም የሌሎቹ አባላት ቅጂ እንዳለ ይቆያል።

## መብራቱን ማወቅና ማጥፋት

ማመሳሰሉ በስልኩ ላይ መብራቱ በቅንብር ውስጥ Settings ተከፍቶ፣ ከላይ የሚታየው የባለቤቱ ስም ተነክቶ፣ ከዚያ iCloud እና Messages ተመርጠው ይታያል። በማክ ላይ የመልእክት መተግበሪያው ቅንብር ተከፍቶ iMessage በሚለው ገጽ Enable Messages in iCloud የሚል ሳጥን አለ። ቅንብሩን ሳይከፍቱም የሚታወቅበት ምልክት አለ፤ ማመሳሰሉ በበራበት መሣሪያ ላይ ልውውጥ ሲሰረዝ ከሁሉም መሣሪያዎች እንደሚሰረዝ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ይመጣል።

ማብሪያው በየመሣሪያው ለየብቻ ነው። በአይፓዱ ላይ ብቻ ቢጠፋ አይፓዱ ከጋራው መዝገብ ይወጣል፤ አይፎኑና ማኩ ግን እርስ በርስ መመሳሰላቸውን ይቀጥላሉ። በማጥፋት ጊዜ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ማመሳሰሉ ቦታ ለመቆጠብ አሮጌ ፎቶዎችንና ፋይሎችን በአይክላውድ ላይ ብቻ ሊተዋቸው ስለሚችል በስልኩ ላይ ሙሉው ስብስብ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ስልኩ መልእክቶቹን እንዲያወርድ ሲጠይቅ መፍቀድ፣ በቂ ባዶ ቦታ መኖሩን ማረጋገጥና ማውረዱ እስኪያልቅ መጠበቅ ይገባል።

ማብሪያውን ማጥፋት ከ Disable & Delete ጋር አንድ አይደለም። ይህ ሁለተኛው አማራጭ በአይክላውድ የማከማቻ ማስተዳደሪያ ገጽ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ማመሳሰሉን በሁሉም መሣሪያዎች ላይ አጥፍቶ በአይክላውድ ላይ ያለውን ስብስብም ያስወግዳል። ሐሳቡን የለወጠ ሰው ትእዛዙን በ30 ቀናት ውስጥ መሻር ይችላል። አይክላውድ በነጻ የሚሰጠው ማከማቻ 5 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ቦታ ያለቀበት ሰው ይህን ቁልፍ እንደ ቀላል የቦታ ማጽጃ ሊያየው ይችላል፤ የሚያጠፋው ግን ዋናውን መዝገብ ነው።

አንድ አካውንት በሁለት ሰዎች እጅ ያሉ መሣሪያዎችን ሲያገናኝ ችግሩ የበለጠ ይታያል። ከውጭ አገር ለቤተሰብ የተላከ አሮጌ አይፎን ወይም አይፓድ የላኪው አካውንት ሳይወጣበት ቢቀር ተቀባዩ «የማላውቃቸው መልእክቶች» ብሎ የሚሰርዛቸው ከላኪው አዲስ ስልክ ላይም ይጠፋሉ። መሣሪያው ከመላኩ በፊት ከአካውንቱ ወጥቶ ሙሉ በሙሉ መጽዳት አለበት። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። መልእክቶቹን በእጅ አንድ በአንድ እየሰረዙ ማጽዳት እንደ ማንኛውም ስረዛ ወደ ሌሎቹ መሣሪያዎች ይተላለፋል፤ Erase All Content and Settings የሚለው አማራጭ ግን የሚያጸዳው መሣሪያውን እንጂ በአይክላውድ ላይ ያለውን መዝገብ አይደለም።

## የተለየ ቅጂ ማስቀመጥ

መልእክቶቹን ስረዛ የማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ከማመሳሰሉ ውጭ የሆነ ቅጂ ያስፈልገዋል። አይፎንን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ የሚሠራ ባክአፕ በመጀመሪያ የሚታሰብ ነው፤ ነገር ግን አፕል በመመሪያው ላይ ይህ ባክአፕ በአይክላውድ የተቀመጡ መረጃዎችን፣ የተመሳሰሉ መልእክቶችንም ጨምሮ፣ እንደማይዝ ያመለክታል። ስለዚህ ማመሳሰሉ በርቶ ሳለ በእሱ መተማመን አይቻልም።

ማክ ያለው ሰው የተሻለ መንገድ አለው። የማኩ የመልእክት ዳታቤዝና የፎቶዎቹ ፋይሎች በተጠቃሚው የ ~/Library/Messages ማህደር ውስጥ ስለሚገኙ፣ ታይም ማሽን በሌላ ሀርድ ዲስክ ላይ ከሌሎች ፋይሎች ጋር ይቀዳቸዋል። ታይም ማሽን ያለፉትን 24 ሰዓታት በየሰዓቱ፣ ያለፈውን ወር በየቀኑ፣ ከዚያ በፊት ያለውን ደግሞ ዲስኩ እስኪሞላ በየሳምንቱ ለይቶ ያስቀምጣል። ዛሬ የሚደረግ ስረዛ ባለፈው ሳምንት የተቀዳውን ፋይል አይለውጠውም። ይሁን እንጂ አሮጌውን ዳታቤዝ በአዲሱ ቦታ መልሶ መተካት ከማመሳሰሉ ጋር ሊጋጭ ስለሚችል፣ ቅጂውን በሌላ ማህደር አስቀምጦ የሚፈለገውን ከዚያ ማንበብ ይመረጣል።

ማክ ለሌለው ሰው የሚቀረው የሚፈልጋቸውን ነገሮች ከመሰረዙ በፊት ከመልእክት መተግበሪያው ማውጣት ነው። ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ወደ ሌላ ቦታ ሊቀመጡ፣ አስፈላጊ ጽሑፎችም በስክሪን ፎቶ ሊያዙ ይችላሉ። የተቀመጡበት ቦታ የስልኩ የፎቶ ማህደር ከሆነና እሱም በአይክላውድ የሚመሳሰል ከሆነ ግን ደንቡ ተመሳሳይ ነው፤ ከአንዱ መሣሪያ የተሰረዘ ፎቶ ከሌሎቹም ይሰረዛል። ከማመሳሰል የተለየ ቅጂ የሚባለው በፍላሽ፣ በሀርድ ዲስክ ወይም ስረዛውን በማይከተል ሌላ ቦታ የተቀመጠው ብቻ ነው።